የጋናሽ ልክ፤ ቅባቱን የተፋ ጋናሽስ እንዴት ይመለሳል?

ባለፈው ዓመት ለእህቴ ልጅ ምርቃት ትራፍል የሚባለውን ድብልብል የቸኮሌት ጣፋጭ ልሠራ 400 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከትፌ 200 ግራም ትኩስ ክሬም አፈሰስኩበት። ሁለት እጅ ቸኮሌት ለአንድ እጅ ክሬም ለዓመታት የሠራሁበት ልክ ነው። ማማሰል በጀመርኩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ግን ጋናሹ፣ ማለትም የቸኮሌቱና የክሬሙ ውሁድ፣ ማብረቅረቁን ትቶ እርጥብ አሸዋ መሰለ። በሳህኑ ዳር ዳርም ቢጫ ቅባት ማቆር ጀመረ። ባማሰልኩት ቁጥር ቅባቱ እየበዛ ሄደ።

በዚያን ቀን የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወትሮ የምጠቀመው 55 በመቶ ካካዎ ያለው ቸኮሌት ስላለቀ 70 በመቶ የሆነውን ወሰድኩ። ይህ ለውጥ ብቻውን ጋናሹን ለማፍረስ ለምን እንደበቃ የገባው ሰው የመቀቢያውን፣ የመሙያውንና የትራፍሉን ልክ በቃል ማጥናት አያስፈልገውም። የፈረሰውንም ለመመለስ አይቸገርም። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ውሃው የሚመጣው ከክሬሙ ብቻ ነው

ጋናሽ ቸኮሌትና ክሬም ነው፤ ውስጡን ስናየው ግን ቅባትና ውሃ ነው። 35 በመቶ ቅባት ያለው ክሬም በ100 ግራሙ ውስጥ 60 ግራም ገደማ ውሃ አለው። ቸኮሌት ግን ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። ከክብደቱ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው የካካዎ ቅቤ ነው፤ የቀረው ስኳርና የካካዎ ደቃቅ ነው። ትኩሱን ክሬም አፍስሰን ስናማስል ይህ ሁሉ ቅባት ለዓይን በማይታዩ ጠብታዎች ተሰባብሮ በክሬሙ ውሃ ውስጥ ይበተናል። ጋናሽ የሚያብረቀርቀውና አፍ ውስጥ ሐር የሚሆነው ጠብታዎቹ እንደተበተኑ ሲቆዩ ነው።

ውሃው ሲያንስ ጠብታዎቹ ይጨናነቃሉ፤ ይነካካሉ፤ ይያያዛሉ፤ ከዚያም ቅባቱ ተለይቶ ይወጣል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እርጎ በቅል ሲናጥ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው፤ የቅባቱ ቅንጣቶች እየተጋጩ ይያያዙና ቅቤው ከአሬራው ይለያል። በናጫው ቅል ውስጥ የምንደክምለት ውጤት በጋናሹ ሳህን ውስጥ ጥፋት ይሆናል።

አሁን ወደ 70 በመቶው ቸኮሌት እንመለስ። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው መቶኛ ከካካዎ ፍሬ የመጣውን ሁሉ፣ ቅቤውንም ደቃቁንም ይጨምራል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ብዙውን ጊዜ የካካዎ ቅቤውም ያድጋል። በእጄ የነበረው ቸኮሌት በ100 ግራም 42 ግራም ቅባት እንዳለው ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ የቀድሞው 33 ግራም ነበረው። በ400 ግራም ላይ ልዩነቱ 36 ግራም ቅባት ነው። የካካዎው ደቃቅም በዝቷልና እሱም ከውሃው ድርሻውን ይጠጣል። ውሃው ግን ያው 120 ግራም ነው። ተሸካሚው ሳይጨመር ሸክሙ ጨመረ፤ ጋናሹም ቅባቱን ተፋ።

ልኮቹ

ከዚህ በታች ያሉት ልኮች ሁሉ በክብደት ናቸው፤ መጀመሪያ የሚጠራው ቸኮሌቱ ነው። በብርጭቆ መስፈር አይሠራም። ደቅቆ የተከተፈና ገርደፍ ብሎ የተከተፈ ቸኮሌት ብርጭቆ ውስጥ የሚይዙት ቦታ ይለያያል፤ ያ ልዩነት ብቻውን መቀቢያውን መሙያ ሊያደርገው ይችላል። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌለ ጋናሹን ከመሥራት ሚዛኑን መግዛት ይቅደም።

ከ50 እስከ 60 በመቶ ካካዎ ላለው ጥቁር ቸኮሌት፣ በኬክ ላይ ለሚፈስ መቀቢያ አንድ ለአንድ ነው፤ 200 ግራም ቸኮሌት፣ 200 ግራም ክሬም። በኬኩ ንብርብሮች መካከል ለሚገባ መሙያ አንድ ተኩል ለአንድ ነው፤ 300 ግራም ቸኮሌት፣ 200 ግራም ክሬም። በእጅ ለሚድበለበል ትራፍል ሁለት ለአንድ ነው፤ 400 ግራም ቸኮሌት፣ 200 ግራም ክሬም። ክሬሙ በሦስቱም 200 ግራም መሆኑን ያስተውሉ። ክሬሙን አጽንቶ ቸኮሌቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ልኩን ለማስታወስ ቀላል ያደርገዋል።

ቸኮሌቱ 70 በመቶ ከሆነ በእያንዳንዱ ልክ ላይ ቸኮሌቱን ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሱ። ለትራፍል 400 የነበረው 320 ግራም ይሆናል። ጥንካሬው አይጎድልም፤ የካካዎው ብዛት ያካክሰዋል።

የወተት ቸኮሌትና ነጭ ቸኮሌት ደግሞ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይሄዳሉ። የወተት ቸኮሌት ካካዎው ጥቂት ነው፤ ነጩ የካካዎ ደቃቅ ጭራሽ የለውም። ውሃውን ጠጥቶ የሚያጠነክረው ደቃቁ ስለሆነ እነዚህ በጥቁሩ ልክ ከተሠሩ እንደ ሾርባ ቀጥነው ይቀራሉ። ለወተት ቸኮሌት መቀቢያው አንድ ተኩል፣ መሙያው ሁለት፣ ትራፍሉ ሁለት ተኩል እጅ ቸኮሌት ለአንድ ክሬም ነው። ለነጩ መቀቢያው ሁለት፣ መሙያው ሦስት፣ ትራፍሉ ሦስት ተኩል ይሆናል። ነጩ ከሁሉም ቶሎ ቅባቱን የሚተፋ ስለሆነ ጥቁሩን ጥሩ አድርገው ሳይለማመዱ በእሱ ባይጀምሩ እመክራለሁ።

ስለ ቸኮሌቱና ስለ ክሬሙ አንድ ነገር ልጨምር። በየሱቁ የኬክ ቸኮሌት እየተባለ ከሚሸጠው ውስጥ ብዙው በካካዎ ቅቤ ፋንታ የአትክልት ቅባት የገባበት ነው። የተጻፈውን ዝርዝር ሲያነቡ የካካዎ ቅቤ የሚል ካላገኙና የዘንባባ ዘይት ወይም ሌላ የአትክልት ቅባት ካዩ፣ እዚህ የሰጠሁት ልክ አይሠራለትም። ክሬሙም እንዲሁ ነው። በውሃ ወይም በወተት ተመትቶ የሚነሣው የክሬም ዱቄት ለኬክ ማስዋቢያ ያገለግል እንደሆነ እንጂ ለጋናሽ አይሆንም። ወተት ሲፈላ ከላይ የሚያርፈው ስልባቦት ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ቅባቱ ግን ከቀን ቀን ስለሚለያይና ስለሚጓጉል ልክ ሊወጣለት አይችልም። የሚፈለገው ማሸጊያው ላይ 35 በመቶ አካባቢ ቅባት እንዳለው የተጻፈበት ፈሳሽ ክሬም ነው።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ቸኮሌቱን ምስር እስኪያህል በቢላዋ ይክተፉ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ትልልቅ ቁራጭ ከቀረ ክሬሙ ሳያቀልጠው ይቀዘቅዛል። ከዚያ እንደገና ለማሞቅ መሯሯጥ ይመጣል፤ ጋናሽ ከሚፈርስባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው። የተከተፈውን በደረቅ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡ።

ክሬሙን በትንሽ ድስት በመካከለኛ እሳት ያሙቁ። ዳር ዳሩ ትንንሽ አረፋ ሲያወጣና እንፋሎት ሲነሣ ያውጡ። ቴርሞሜትር ካለ 80 እስከ 85 ዲግሪ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ይዞ ከዚህ የበለጠ ዲግሪ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ክሬሙን በከንቱ ያደርቀዋል። ክሬም ሲፈላ የሚተነው ደግሞ ውሃው ነው፤ ቅባቱ አይተንም። ሳያስቡት ከፈላብዎ ድስቱን ከነክሬሙ ይመዝኑና የጎደለውን በወተት ይሙሉ።

ትኩሱን ክሬም በቸኮሌቱ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያፍስሱ፤ ሳህኑን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርገው ሁለት ደቂቃ ይተዉት። በዚህ ጊዜ እጅን መሰብሰብ ይከብዳል፤ ግን ሙቀቱ ወደ ቸኮሌቱ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። ቀጥሎ በላስቲክ ማማሰያ ልክ መሐሉ ላይ የሳንቲም ስፋት ባላት ክብ ማማሰል ይጀምሩ። መጀመሪያ የተበጣጠሰና የማያምር ነገር ይታያል፤ አይደንግጡ። ከጥቂት ዙር በኋላ መሐሉ ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል፤ የሚለጠጥም ይሆናል። ያ እምብርት ሲገኝ ክቡን ቀስ በቀስ ወደ ዳር ያስፉት፤ አካባቢውን እየሳበ ወደ ራሱ ይቀላቅለዋል። ከዳር ጀምሮ በኃይል የሚያማስል ሰው ያልቀለጠውንም ያልተቀላቀለውንም በአንድ ላይ ያተራምሰዋል። አየር ስለሚያስገባ የእንቁላል መምቻም አይጠቀሙ።

ሲያልቅ ጋናሹ 40 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይገባል፤ ጠብታውን በእጅ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሲያደርጉት ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ያልቀለጠ ፍንካች ከቀረ ሳህኑን ለብ ያለ ውሃ በያዘ ድስት ላይ ለጥቂት ሰኮንድ ይያዙት። እንፋሎቱም ሆነ ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ለየአገልግሎቱ

መቀቢያ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ኬክ ከ200 በ200 የሚወጣው 400 ግራም ይበቃል። ኬኩ ቀድሞ በስሱ ተቀብቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ይሁን፤ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ሳህን ይደረግ። ጋናሹ 32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ከመሐል ጀምረው በአንድ ጊዜ ያፍስሱ። ከዚህ ከሞቀ ሳስቶ ይወርድና ኬኩን ያሳያል፤ ከዚህ ከቀዘቀዘ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ እንባ የመሰለ ጉብታ ይሠራል። ከፈሰሰ በኋላ በቢላዋ መነካካት ብርሃኑን ይገድለዋል። የበለጠ እንዲያበራ ከፈለጉ ከክሬሙ ጋር 20 ግራም ነጭ ማር አብረው ያሙቁ። ቅቤ የሚጨምሩም አሉ፤ ከሆነ የገበታ ቅቤ ብቻ፣ ያውም ከ20 ግራም ያልበለጠ ይሁን። የአገራችን ቅቤ መዓዛው ቸኮሌቱን ይውጠዋል።

መሙያ። ከ300 በ200 የሚወጣው 500 ግራም ለሦስት ንብርብር ኬክ ሁለቱን ክፍተት ይሞላል፤ ለጎኑ ስስ ልባስም ይተርፋል። እዚህ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ጋናሹን ወደ ጠፍጣፋ ትሪ ገልብጠው የላስቲክ መሸፈኛውን ፊቱን እንዲነካ አድርገው ይሸፍኑና በክፍሉ ሙቀት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያሳድሩት። ማታ ሠርቶ ጠዋት መጠቀም ይሻላል። የካካዎው ቅቤ በዝግታ ሲጠነክር መሙያው እንደ ለስላሳ ቅቤ ይቀባል። ለመቸኮል ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስገቡት ዳሩ ጠንክሮ መሐሉ ፈሳሽ ይቀራል። ያንን ደግሞ በማማሰል እኩል አደርጋለሁ ሲሉ መናጥ ይሆንና ይፈርሳል።

ትራፍል። ስሙ የመጣው ከመሬት ሥር ከሚበቅለው እንጉዳይ ነው፤ የካካዎ ዱቄት የለበሰው ድብልብል እሱን ስለሚመስል። ከ400 በ200 የሚወጣው ጋናሽ እያንዳንዱ 15 ግራም ሆኖ 40 ያህል ይሆናል። በክፍል ሙቀት ከረጋ በኋላ አንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ፤ ከዚያ በማንኪያ እየጨለፉ በቀዝቃዛ እጅ ቶሎ ቶሎ ያድበልብሉ። እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃ ካጠቡ በደንብ ያድርቁት። ከድብልበላው በኋላ በካካዎ ዱቄት ላይ ያንከባልሉት።

ቅባቱን የተፋውን መመለስ

አስቀድሞ መፍረሱን ያረጋግጡ። በጋናሽ ውስጥ የሚታይ ጉብታ ሁሉ መፍረስ አይደለም። ጉብታው በጣት ሲጨመቅ ቀልጦ የሚጠፋ ከሆነና ዙሪያው የሚያብረቀርቅ ከሆነ ያልቀለጠ ቸኮሌት ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ላይ መያዝ ይበቃዋል። የፈረሰ ጋናሽ ግን ብርሃኑ ይጠፋል፤ ሸካራ ይሆናል። ማማሰያውን ሲያነሡት እንደ ክር አይወርድም፤ እየተቆረጠ ይወድቃል። ከኋላውም ቢጫ ቅባት ወደ ቦታው ይሞላል። ወጥ ሲቀመጥ ቅባቱ ከላይ እንደሚሰፍፈው ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ያምሩናል፤ ሁለቱም ያበላሻሉ። አንዱ «ጠነከረ» ብሎ ቅቤ ወይም ተጨማሪ ቸኮሌት መጨመር ነው፤ ይህ ቅባት በበዛበት ላይ ቅባት መጫን ነው። ሌላው የሰፈፈውን ቅባት በማንኪያ ቀድቶ መድፋት ነው። ያ ቅባት ትራፍሉን የሚያጠነክረውና በአፍ ውስጥ የሚያቀልጠው የካካዎ ቅቤ ነው፤ ቢደፉት የሚቀረው ደረቅ ጭቃ ነው። መመለስ ያለበት ወደ ውስጥ ነው።

1. ማማሰልዎን ያቁሙና ሙቀቱን ይወቁ። ቴርሞሜትር ከሌለ በእጅ አንጓ ይፈትኑት። የሚያቃጥል ከሆነ፣ ማለትም ከ50 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ምንም ሳይጨምሩ 40 ድረስ ይቀዝቅዝ። አንዳንዴ ችግሩ ሙቀቱ ብቻ ነውና በርዶ በዝግታ ሲማሰል ራሱ ይመለሳል። ቀዝቅዞ የጠጠረ ከሆነ ደግሞ ለብ ባለ ውሃ ላይ አድርገው 40 እስኪደርስ ያሙቁት፤ የረጋ ቅባት ሊሰባበር አይችልም። ከ32 ዲግሪ በታች የሚደረግ ማማሰል ሁሉ መናጥ ነው።

2. ጥቂት ወተት ለብቻው 40 ዲግሪ ያህል ያሙቁ። ክሬም ሳይሆን ወተት የምለው ለምክንያት ነው። የጎደለው ውሃ ነው፤ ወተት ከመቶው 87 ያህሉ ውሃ ሲሆን ክሬም ግን ከውሃው ጋር ሌላ ቅባት ይዞ ይመጣል። ከማቀዝቀዣ የወጣ ቀዝቃዛ ወተት ከጨመሩ የካካዎው ቅቤ በቅጽበት ይረጋና ጥራጥሬ ይሆናል።

3. በሌላ ንጹሕ ሳህን ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 30 ግራም ለብ ያለ ወተት ያድርጉ። ከፈረሰው ጋናሽ አንድ ማንኪያ ብቻ ጨምረው በደንብ ያማስሉ፤ ሲዋሐድና ሲያበራ ሌላ ማንኪያ ይጨምሩ። መጀመሪያ ቀጭን የቸኮሌት ወተት ይመስላል፤ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ማንኪያ በኋላ እየወፈረና እየተለጠጠ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ማንኪያ መጨመር ይቻላል። ወተቱን በፈረሰው ላይ ከማፍሰስ የፈረሰውን በወተቱ ላይ መጨመር የሚሻልበት ምክንያት አለው። በአዲሱ ሳህን ውስጥ ከመጀመሪያው ውሃው ብዙ፣ ቅባቱ ጥቂት ስለሆነ ጠብታዎቹ የሚበተኑበት ሰፊ ቦታ ያገኛሉ።

4. በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መፍጫ ካለዎት ሥራው ያጥራል። ጋናሹን ጠባብና ረጅም ዕቃ ውስጥ ያድርጉ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨምሩ፤ የመፍጫውን ጫፍ እስከ ታች አስገብተው ሳያነሡት ለ20 ሰኮንድ ያህል ያንቀሳቅሱ። ጫፉ ከፈሳሹ በላይ ከወጣ አየር ይገባና መቀቢያዎ አረፋ ያወጣል። ካልተመለሰ ሌላ ማንኪያ ወተት ጨምረው ይድገሙ።

የእኔ 600 ግራም የፈረሰ ጋናሽ የተመለሰው በ45 ግራም ወተት ነው። 120 ግራም የነበረው ውሃ 159 ግራም ገደማ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ በ30 ግራም ሞክሬ አብዛኛው ሲዋሐድ ወደ መጨረሻው ላይ እንደገና ዳሩ ቅባት አወጣ። ያኔ መጨመሬን ትቼ 15 ግራም ወተት ሳህኑ መሐል ላይ አፈሰስኩ፤ ከመሐል ጀምሬ ሳማስለው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ፊቱ መብራቱን መልሶ የሚያሳይ ሆነ። የተመለሰ ጋናሽ ከታሰበው ትንሽ ይለሰልሳልና ትራፍሎቹን ከማድበልበሌ በፊት በአንድ ሰዓት ፋንታ ሁለት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆየኋቸው። በመቀቢያና በመሙያ ላይ ይህ ልስላሴ ከቁጥር አይገባም።

በክብደቱ ከአሥር አንድ እጅ ወተት ተጨምሮ አሁንም እምቢ ካለ ችግሩ የውሃ ማነስ አይደለም። ወይ ቸኮሌቱ የአትክልት ቅባት ያለው ነው፤ ወይ ቃጠሎ ነክቶታል። ያረረ ቸኮሌት ከሽታው ይታወቃል፤ ጥራጥሬውም በጣት ሲታሸ አይሟሟም። ያ አይመለስም። ያላረረው ግን ሳይጣል በትኩስ ወተት በጥብጠው ሊጠጡት ወይም ከኬክ ሊጥ ጋር ሊቀላቅሉት ይችላሉ።

ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሲሞቅ የሚፈርስ ጋናሽም አለ። ይህ የሚመጣው በማይክሮዌቭ በአንድ ጊዜ ከመሞቅ ነው፤ ዳሩ ሲግል መሐሉ ገና በረዶ ይሆናል። የተረፈ ጋናሽ በውሃ እንፋሎት ላይ ወይም በማይክሮዌቭ ከአሥር ሰኮንድ ሳይበልጥ እየተማሰለ ይሙቅ። ከፈረሰም ፈውሱ ያው ለብ ያለ ወተት ነው።

በጾምና በሙቀት አገር

ለጾም ኬክ ክሬሙን በቆርቆሮ በሚሸጥ ወፍራም የኮኮናት ወተት መተካት ይቻላል። ቅባቱ ከክሬሙ ያንሳል፤ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ አካባቢ ወይም በታች ነው። ስለዚህ ውሃው ይበዛል፤ ጋናሹም ይለሰልሳል። በእያንዳንዱ ልክ ላይ ቸኮሌቱን ከአምስት አንድ እጅ ይጨምሩ፤ መቀቢያው 240 በ200፣ ትራፍሉ 480 በ200 ይሆናል። ቆርቆሮው ሲከፈት ወፍራሙና ቀጭኑ ተለያይቶ ስለሚገኝ ከመመዘንዎ በፊት ለብ አድርገው ያዋሕዱት። ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ የጾም አይደለም፤ የወተት ዱቄት ወይም የወተት ቅባት የገባበት ብዙ ነውና ዝርዝሩን ያንብቡ። ከፈረሰብዎ በወተቱ ፋንታ ለብ ያለ ውሃ ይሠራል፤ መጠኑን ግን በሻይ ማንኪያ እየለኩ ይሂዱ።

ድሬዳዋ ወይም የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ሆነው የሚሠሩ ደግሞ ሙቀቱን ያስቡ። የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ክፍሉ 28 ዲግሪ ከሆነ መሙያውን ከአንድ ተኩል ወደ ሁለት ለአንድ ከፍ ማድረግ ኬኩን ያቆመዋል። ከ34 ካለፈ ግን የትኛውም ልክ አያድነውም፤ ኬኩ እስኪቆረስ ድረስ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለበት።

አንድ ለአንድ የተሠራ ጋናሽ በአዲስ አበባ ዓይነት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተሸፍኖ ሁለት ቀን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ወተት ተጨምሮበት የተመለሰውን ግን ውሃው ስለበዛ በቀጥታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቼ በአራት ቀን ውስጥ እጨርሰዋለሁ። የምርቃቱ ትራፍል እስከዚያም አልደረሰ፤ አርባ ሁለቱ በዚያው ምሽት አለቁ። ከዚያ ወዲህ 70 በመቶውን ስጠቀም 320 በ200 እመዝናለሁ።